በዲሴለሬሽኖች መካከል ያለው መስመር፦ የፅንስን የልብ ምት ግራፍ በምጥ ወቅት ማንበብ

በምጥ ላይ ባለች እናት ሆድ ላይ ሁለት መቀበያዎች ይታሰራሉ። አንደኛው በድምፅ ሞገድ አማካይነት የፅንሱን የልብ ምት ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ማህፀኑ ሲኮማተርና ሲላላ ይከታተላል። ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ፣ የልብ ምቱ ከላይ የማህፀኑ መኮማተር ከታች ሆነው፣ ጎን ለጎን እየተሰመሩ ይወጣሉ። በማዋለጃ ክፍሎች ሲቲጂ እየተባለ የሚጠራው ካርዲዮቶኮግራፊ ይኸው ነው። ግራፉን የሚያነብ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው የልብ ምቱ ወደ ታች በሚዘቅጥባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በዲሴለሬሽኖቹ ላይ ነው፤ ጎልተው ስለሚታዩና ስለሚያስደነግጡ። ይሁን እንጂ ዲሴለሬሽን በአብዛኛው የሚናገረው በፅንሱ ላይ ምን ዓይነት ጫና እየደረሰ እንደሆነ ነው። ፅንሱ ጫናውን ችሎት እንደሆነ ወይም አቅሙ እያለቀ እንደሆነ የሚታወቀው ግን በሁለት ዲሴለሬሽኖች መካከል ባለው መስመር ነው፤ የመስመሩን ከፍታ ቤዝላይን፣ የመስመሩን መንዘር ደግሞ ቫሪያቢሊቲ እንለዋለን።

ቤዝላይን የፅንሱ መሠረታዊ የልብ ምት ነው። የሚወሰነውም የ10 ደቂቃ ግራፍ ተወስዶ፣ ጊዜያዊ ከፍታዎችና ዝቅታዎች ወደ ጎን ተትተው፣ የቀረው መስመር በአማካይ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚሄድ በማየት ነው፤ ውጤቱም በ5 ምት ልዩነት ተጠግቶ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 130 ወይም 135 ተብሎ። በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ቢያንስ 2 ደቂቃ የሚሆን ግልጽ ቤዝላይን ካልተገኘ ግምት መስጠት ተገቢ አይደለም፤ ወደ ቀደመው የግራፍ ክፍል መመለስ ይሻላል። ጤናማ ተብሎ የተቀመጠው ክልል በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ይህ ክልል የብዙ ፅንሶችን ምት አንድ ላይ የሚያቅፍ እንጂ የአንድን ፅንስ መደበኛ ምት የሚያመለክት አይደለም። ምጥ ሲጀምር ምቱ 120 የነበረ ፅንስ ከሦስት ሰዓት በኋላ 150 ላይ ቢገኝ፣ ሠንጠረዡን ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ቁጥሮች ጤናማ ናቸው፤ ለዚያ ፅንስ ግን የ30 ምት ጭማሪ ነው፣ ያውም ያለ ምክንያት የማይመጣ ጭማሪ። በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ቤዝላይኑ ምጥ ከጀመረበት ጊዜ ወይም ከአንድ ሰዓት በፊት ከነበረው በ20 ምት ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ቁጥሩ ከ160 በታች ቢሆንም እንኳ እንደ ማስጠንቀቂያ እንዲቆጠር ማድረጉ ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ የአሁኑን ቤዝላይን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ግራፉን ወደ ኋላ መልሶ መነሻው ስንት እንደነበር መጻፍ ያስፈልጋል።

ቫሪያቢሊቲ ማለት መስመሩ ቀጥ ብሎ ሳይሄድ በየጥቂቱ ከፍ ዝቅ እያለ መንዘሩ ነው። መለኪያውም በአንድ ደቂቃ ውስጥ በመስመሩ ጫፍና ጫፍ መካከል ያለው ስፋት ነው፤ ከ6 እስከ 25 ምት ከሆነ መካከለኛና ጤናማ፣ ከ5 በታች ወይም 5 ከሆነ ያነሰ፣ በዓይን የማይለይ ከሆነ የጠፋ፣ ከ25 በላይ ከሆነ ደግሞ የበዛ ይባላል። መንዘሩ የሚመጣው ልብን የሚያፋጥነውና ልብን የሚያዘገየው የነርቭ ሥርዓት በየቅጽበቱ እየተጓተቱ ስለሚሠሩ ሲሆን፣ ያንን መጓተት የሚያስተባብረው የፅንሱ አንጎል ነው። ሲቲጂ ስለ አንጎል ሁኔታ በተዘዋዋሪም ቢሆን የሚናገርበት ዋና መስኮት ይህ ነው። በዲሴለሬሽኖች መካከል ያለው መስመር ከ6 እስከ 25 ባለው ስፋት እየነዘረ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት ለአንጎሉ በቂ ኦክስጅን እየደረሰው ነው ብሎ መናገር በአመዛኙ ይቻላል፤ ዲሴለሬሽኖቹ ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆኑ።

ተቃራኒው ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም። ቫሪያቢሊቲ የሚያንሰው ኦክስጅን ሲጎድል ብቻ አይደለም። ፅንሱ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሲገባም ይቀንሳል፤ ይህ ሁኔታ እስከ 50 ደቂቃ ሊዘልቅ ይችላል፣ ከዚያም ፅንሱ ሲነቃ መንዘሩና አክሰለሬሽን የሚባለው ጊዜያዊ የምት ከፍታ አብረው ይመለሳሉ። ለእናትየው የተሰጡ የሕመም ማስታገሻዎች፣ በተለይ ከሞርፊን ወገን የሆኑት፣ እንዲሁም ማግኒዚየም ሰልፌት ተመሳሳይ ውጤት ያመጣሉ። የወረቀቱ ፍጥነትም ዓይንን ያታልላል። በብዙ አገሮች ማሽኑ በደቂቃ 1 ሴንቲሜትር ወረቀት ሲያወጣ፣ በአሜሪካና በጃፓን 3 ሴንቲሜትር፣ በኔዘርላንድስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሴንቲሜትር ያወጣል፤ በአንዱ ዓይኑን ያለማመደ ባለሙያ ሌላውን ሲያይ ጤናማውን መንዘር እንደቀነሰ፣ የቀነሰውን ደግሞ ጤናማ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ አንድ ግራፍ ከሌላ ተቋም ሲመጣ ወይም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለምክክር ሲላክ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የወረቀቱ ፍጥነት ስንት ነው የሚለው መሆን አለበት።

ወደ ዲሴለሬሽን እንሂድ። እዚህ ላይ የሚጠቅመው ቅርጹን ከመሸምደድ ይልቅ የሚፈጠርበትን መንገድ መረዳት ነው። ማህፀን በተኮማተረ ቁጥር ሦስት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፦ የፅንሱ ጭንቅላት ይጨመቃል፣ እትብቱ ይጫናል፣ ወይም በማህፀን ግድግዳ ውስጥ አልፎ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው የእናት ደም ለጊዜው ይቋረጣል። ጭንቅላት ሲጨመቅ ጥልቀት የሌለው፣ ከመኮማተሩ ጋር ጀምሮ ከእርሱ ጋር የሚያበቃ ዝቅታ ይታያል፤ ቀደምት ዲሴለሬሽን የሚባለው ይህ ነው፤ አሳሳቢ ስላልሆነ ብዙ አያቆየንም። እትብቱ ሲጫን ግን የፅንሱ የደም ግፊት በድንገት ይጨምራል፣ ግፊትን የሚያዳምጡ ነርቮችም ልቡን በቅጽበት ያዘገዩታል። ከመነሻው እስከ ዝቅተኛው ነጥብ ለመድረስ ከ30 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ገደል ይመስላል። ቅርጹ፣ ጥልቀቱና ከመኮማተሩ ጋር ያለው የጊዜ ግንኙነት በየጊዜው ስለሚለያይ ተለዋዋጭ ዲሴለሬሽን ተብሏል። በምጥ ወቅት የሚታዩት አብዛኞቹ ዲሴለሬሽኖች የዚህ ዓይነት ናቸው፤ እትብቱ ሲለቀቅም ምቱ እንደወረደ ሁሉ በፍጥነት ይመለሳል።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ዘግይቶ የሚመጣው ዲሴለሬሽን፣ የተለየ ታሪክ ይነግራል። እዚህ ላይ ልቡን የሚያዘገየው የግፊት ለውጥ ሳይሆን የኦክስጅን እጥረቱ ራሱ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን እያነሰው እስኪሄድና ይህን የሚያዳምጡት ነርቮች እስኪያውቁት ድረስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ዝቅታው የሚጀምረው መኮማተሩ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ቁልቁል መውረዱም ቀስ ያለ፣ 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ነው፤ ዝቅተኛው ነጥብም ከመኮማተሩ ጫፍ በኋላ ይመጣል። ማህፀኑ ላልቶም ምቱ ወደ ቤዝላይን ለመመለስ ይዘገያል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በዚህ ቦታ ነው፤ ወደ 70 የሚዘቅጠው ተለዋዋጭ ዲሴለሬሽን ሲያስደነግጣቸው፣ ከ10 እስከ 15 ምት ብቻ የሚወርደውና ለስላሳ ጎድጓዳ የሚመስለው ዘግይቶ የሚመጣ ዝቅታ ሳይታያቸው ያልፋል። ዓለም አቀፉ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊጎ፣ በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ቫሪያቢሊቲው በቀነሰበት ግራፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ምት የሚወርደውን ትንሽ ዝቅታ እንኳ እንደ ዘግይቶ የሚመጣ ዲሴለሬሽን እንዲቆጠር አድርጓል። እዚህ ላይ የጥልቀቱ መጠን ከአደጋው መጠን ጋር አይሄድም፤ እንዲያውም በጣም የደከመ ፅንስ ጥልቅ ዝቅታ ለመሥራት የሚያስችል የነርቭ ምላሽ ላይኖረው ይችላል።

አሁን ሦስቱን ነገሮች በጊዜ ቅደም ተከተል እናያይዛቸው። በምጥ ውስጥ ቀስ በቀስ እየተፈጠረ የሚሄድ የኦክስጅን እጥረት በግራፉ ላይ ራሱን የሚገልጥበት ተራ አለው። መጀመሪያ ዲሴለሬሽኖች ይመጣሉ። ጫናው ከቀጠለ ፅንሱ እንቅስቃሴውን ይቆጥባል፣ ስለዚህ አክሰለሬሽኖች ይጠፋሉ፤ ዲሴለሬሽኖቹም ይሰፋሉ፣ ይጠልቃሉ፣ በመካከላቸው ያለው የማገገሚያ ጊዜም ያጥራል። ቀጥሎ ፅንሱ አድሬናሊንና መሰሎቹን በብዛት ያመነጫል፤ እነዚህ ደሙን ከቆዳና ከአንጀት ወደ አንጎል፣ ወደ ልብና ወደ አድሬናል ዕጢ ያዞራሉ፣ ልብንም ያፋጥናሉ። በግራፉ ላይ የሚታየው ውጤት የቤዝላይን መጨመር ነው። እስከዚህ ድረስ ቫሪያቢሊቲው ጤናማ ሆኖ ይቆያል፣ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ጥረት ዓላማ አንጎሉን ማትረፍ ነው። ጥረቱ ሲያልቅበት ቫሪያቢሊቲው መቀነስ ይጀምራል፤ በመጨረሻም የልብ ጡንቻው ራሱ ሲደክም ቤዝላይኑ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። የቤዝላይኑ መጨመር ፅንሱ ገና እየታገለ ያለበት፣ ነገር ግን መጠባበቂያውን መጠቀም የጀመረበት ምዕራፍ ነው፤ የማዋለጃ ክፍሉ ባለሙያ ጣልቃ ቢገባ ከሁሉ የሚጠቅመውም በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ለማብራሪያ የተዘጋጀ እንጂ የአንዲት የተወሰነች እናት ታሪክ አይደለም። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ፣ እርግዝናዋ 40 ሳምንት የሞላ፣ ሌላ የጤና ችግር የሌለባት እናት ማህፀን ጫፏ 5 ሴንቲሜትር ተከፍቶ ሳለ ሲቲጂ ይጀመርላታል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቤዝላይኑ 125 ነው፤ ቫሪያቢሊቲው ከ10 እስከ 15፤ ሁለት ሦስት አክሰለሬሽኖች አሉ፤ ዲሴለሬሽን የለም፤ ማህፀኑ በ10 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይኮማተራል። ይህ ግማሽ ሰዓት ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚነጻጸርበት ነው። ፅንሱ ወደ ምጥ የገባው ሙሉ አቅሙን ይዞ መሆኑን ይናገራል፤ በመዝገቡ ላይም 125 የሚለው ቁጥር በግልጽ መጻፍ አለበት።

ምጡ ስለዘገየ የሽርት ውሃው እንዲፈስ ይደረጋል፣ መኮማተሩን የሚያጠናክረው ኦክሲቶሲን የተባለ መድኃኒትም ይጀመራል። በሁለተኛው ሰዓት መጨረሻ ላይ መኮማተሩ በ10 ደቂቃ አራት ደርሷል፤ ከሁለት መኮማተር በአንዱ ያህል ምቱ ወደ 90 በድንገት ወርዶ በ40 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቤዝላይኑ አሁንም 125፣ ቫሪያቢሊቲውም 10 ነው። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ እትብቱ መከላከያው ስለቀነሰ አልፎ አልፎ እየተጫነ ነው ማለት ነው። ፅንሱ አልተጎዳም፤ እናትየው ከጀርባዋ ወደ ግራ ጎኗ እንድትዞር ማድረግና መከታተል በቂ ነው። በዚህ ደረጃ ኦፕራሲዮን የሚያሰናዳ ሰው ግራፉን ሳይሆን ዝቅታውን ብቻ አይቷል።

ሲቲጂው ከተጀመረ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ግራፍ ግን ሌላ ነው። ኦክሲቶሲኑ በየጊዜው ስለተጨመረ ማህፀኑ በ10 ደቂቃ ስድስት ጊዜ ይኮማተራል፤ በአማካይ ከአምስት በላይ መሆኑ ከመጠን ያለፈ ያሰኘዋል። ከእያንዳንዱ መኮማተር ጋር ምቱ ወደ 75 ይወርዳል፣ ለመመለስም ከ70 እስከ 80 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ አክሰለሬሽን ከታየ ቆይቷል። ቤዝላይኑ 150፣ ቫሪያቢሊቲው ደግሞ 8 ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የሕፃናት ጤናና የሰው ልጅ ዕድገት ተቋም በ2008 ያጸደቀው ባለ ሦስት ምድብ አከፋፈል ይህን ግራፍ በሁለተኛው ምድብ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ችግሩ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት የነበረውንም ግራፍ በዚያው ምድብ ውስጥ አስቀምጦት የነበረ መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም አንድም ተለዋዋጭ ዲሴለሬሽን ካለ ግራፉ ከመጀመሪያው ምድብ ይወጣል፤ ወደ ሦስተኛው የሚገባው ደግሞ ቫሪያቢሊቲው ፈጽሞ ጠፍቶ ተደጋጋሚ ዲሴለሬሽን ወይም በጣም የወረደ ቤዝላይን ሲታከልበት፣ አለዚያም ለስላሳ ሞገድ የመሰለው ሳይኑሶይዳል ግራፍ ሲታይ ነው። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ሁሉ ሁለተኛ ምድብ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ በየሰዓቱ «ምድብ ሁለት» እየተባለ ቢጻፍ ሐሰት አይሆንም፤ ፅንሱ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ከማያሳስብ ሁኔታ መጠባበቂያውን ወደሚያሟጥጥበት ተሻግሯል። በእኔ አመለካከት የምድብ አከፋፈሉ ትልቁ ድክመት ከተሳሳተ ድንበር ይልቅ ይህ ነው፤ ጉዞን በአንድ ቃል አቁሞ ያስቀራል።

በዚህ ሰዓት ምን ይደረጋል? ግራፉ ራሱ መልሱን ይዟል። ጫናው የመጣው ከመኮማተር ብዛት ነው፤ በሁለት መኮማተሮች መካከል ያለው ዕረፍት ስላጠረ እንግዴ ልጁ በኦክስጅን እንደገና የሚሞላበት ጊዜ አላገኘም። ስለዚህ መጀመሪያ ኦክሲቶሲኑ ይቆማል፤ እናትየው ወደ ጎኗ ትዞራለች፤ የደም ግፊቷ ይለካል፣ ከወረደ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል። መኮማተሩ መድኃኒቱ ቆሞም ካልቀነሰ እንደ ቴርቡታሊን ያለ ማህፀን የሚያላላ መድኃኒት ከቆዳ ሥር በ0.25 ሚሊግራም መጠን ሊሰጥ ይችላል። ለእናትየው በጭምብል ኦክስጅን መስጠት ለረጅም ጊዜ የተለመደ እርምጃ ነበር፤ የእርሷ ኦክስጅን ካልጎደለ ግን ለፅንሱ ጥቅም እንዳለው ስላልተረጋገጠ አሁን ያሉ መመሪያዎች ለዚህ ዓላማ አይመክሩትም። ቀጥሎ የሚጠበቀው ነገርም ቁጥር አለው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኮማተሩ ወደ ሦስት ወይም አራት ከወረደ፣ ዲሴለሬሽኖቹ ካነሱና ካጠሩ፣ ቤዝላይኑም ከ150 ወደ 140 ከዚያም ወደ 130 እየተመለሰ ከሆነ፣ እርምጃው ሠርቷል፤ ምጡ ሊቀጥል ይችላል። ከሁሉ በኋላ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ አክሰለሬሽን ስለሆነ እርሱ አለመታየቱ ብቻውን ሊያስቸኩል አይገባም። በጥርጣሬ ጊዜ ማህፀኗ ሲመረመር የፅንሱ የራስ ቅል በጣት ቀስ ተብሎ ይነካካል፤ ምቱ በ15 ከፍ ብሎ ለ15 ሰከንድ ከቆየ የደሙ ፒኤች ከ7.20 በታች አለመሆኑን በከፍተኛ እርግጠኝነት ያሳያል። ምላሽ አለመስጠቱ ግን ደሙ አሲድ ሆኗል ማለት አይደለም።

ኦክሲቶሲኑ ባይቆም ኖሮ ተከታዩ ግራፍ ይህን ይመስል ነበር፦ ቤዝላይን 165፣ በዲሴለሬሽኖች መካከል ያለው ቫሪያቢሊቲ 4፣ ዝቅታዎቹም ለመመለስ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ የሚፈጅባቸው። ልብ ይባል፤ ቫሪያቢሊቲው አነሰ እንጂ አልጠፋምና፣ በሦስቱ ምድቦች አከፋፈል ይህም ምድብ ሁለት ነው። በዚህ ደረጃ ግን መኮማተሩን እየቀነሱ በተቻለ ፍጥነት ወደ ማዋለድ መሄድ ይገባል፤ በየትኛው መንገድ የሚለው ማህፀን ጫፉ በተከፈተው መጠንና የፅንሱ ጭንቅላት በወረደበት ደረጃ ይወሰናል።

ምሳሌያችን ኦክሲቶሲኑ በቆመበት መንገድ ቀጥሎ ማህፀን ጫፏ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፣ መግፋትም ጀመረች እንበል። በዚህ ሰዓት ሌላ ወጥመድ አለ። ቤዝላይኑ በ130 አካባቢ ሲሄድ የነበረው ግራፍ በድንገት ወደ 100 ወይም 110 ይወርድና ዲሴለሬሽኖቹ ይጠፋሉ፤ በእነርሱ ፋንታ ከእያንዳንዱ ግፊት ጋር የሚገጥሙ ሰፋፊ ከፍታዎች ይታያሉ። ጭንቅላቱ እየተጨመቀ ባለበት ሰዓት የፅንስ ምት ከመኮማተር ጋር ከፍ ይላል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል፤ ስትገፋ ምቷ የሚጨምረው እናትየው ናት። ፅንሱ ወደ ታች ሲወርድ መቀበያው የእርሱን ልብ ስቶ የእናትየውን ደም ቅዳ መያዝ ይችላል፤ ግራፉም መቋረጥ ሳያሳይ ያለ ችግር ይቀጥላል። አንድ ግራፍ ያለ ምክንያት በድንገት ከተሻሻለ መጠርጠር እንጂ መደሰት አይገባም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በእናትየው ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ አድርጎ የእርሷን ምት ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ከሄዱ የፅንሱ ምት እየተቀዳ አይደለም፤ መቀበያውን ማንቀሳቀስ፣ አለዚያም በፅንሱ የራስ ቅል ላይ የሚለጠፈውን ኤሌክትሮድ መጠቀም ያስፈልጋል።

ከላይ ያየነው ቅደም ተከተል ለሁሉም ፅንስ አይሠራም። እንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሲላቀቅ፣ እትብቱ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ሲወጣ ወይም ማህፀን ሲቀደድ ቤዝላይኑ ለመጨመር ጊዜ አያገኝም፤ ምቱ በአንድ ጊዜ ወርዶ ለደቂቃዎች ሳይመለስ ይቀራል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ቤዝላይን ማነጻጸር ሳይሆን ምክንያቱን በመፈለግ፣ ካልተመለሰም በፍጥነት በማዋለድ ነው ምላሽ የሚሰጠው። በሌላ በኩል ደግሞ ለሳምንታት በቂ ምግብና ኦክስጅን ሳያገኝ የቆየ ፅንስ ምጥ ከመጀመሩ በፊት መጠባበቂያውን ጨርሶ ሊመጣ ይችላል። የእርሱ ግራፍ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ 155 አካባቢ የሚሄድ፣ እምብዛም የማይነዝር፣ አክሰለሬሽን የሌለውና ጥልቀት የሌላቸው ዘግይተው የሚመጡ ዝቅታዎች ያሉት ነው። ቁጥሩ ከ160 በታች ስለሆነና ዝቅታዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ተራ ግራፍ ይመስላል፤ ይህን ፅንስ ኦክሲቶሲን እየሰጡ በምጥ ማሳለፍ ግን ትልቅ አደጋ አለው። ሦስተኛው ለየት ያለ ሁኔታ ኢንፌክሽን ነው፤ ከፊቱ ተደጋጋሚ ዲሴለሬሽን ሳይቀድም ቤዝላይኑ ከ125 ወደ 155 ወይም 165 ቢወጣ፣ ከኦክስጅን እጥረት ይልቅ የሽርት ሽፋን ኢንፌክሽን መታሰብ አለበት። የእናትየው ትኩሳት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጭማሪ በኋላ ሊመጣ ስለሚችል፣ ትኩሳት የላትም ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ይህ ሁሉ ትርጉም እያለ፣ የሲቲጂ ጥቅም በጥናት ሲለካ የሚገኘው ውጤት አነስ ያለ ነው። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2017 ያሳተመው ግምገማ ከ37,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ 13 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ ተከታታይ ሲቲጂ በየጊዜው ከሚደረግ ማዳመጥ ጋር ሲነጻጸር በአራስ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የሚጥል መንቀጥቀጥ በግማሽ እንደሚቀንስ፣ ሆኖም ሴሬብራል ፓልሲ በሚባለው ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግርና በሕፃናት ሞት ላይ ግልጽ ልዩነት እንደማያመጣ፣ በኦፕራሲዮን የመውለድን ዕድል ደግሞ በ63 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። ምክንያቱን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጤናማ ግራፍ ጤናማ ፅንስን በጥሩ ሁኔታ ያመለክታል፤ ጤናማ ያልሆነ ግራፍ ግን የተጎዳ ፅንስን የሚያመለክተው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ዲሴለሬሽን ባየ ቁጥር የሚያዋልድ ሰው ብዙ ጤናማ ፅንሶችን በቀዶ ሕክምና ያወጣል። ከዚህም በላይ አንድን ግራፍ ሁለት ባለሙያዎች ሲያነቡት፣ በተለይ በቫሪያቢሊቲና በዲሴለሬሽን ዓይነት ላይ፣ ብዙ ጊዜ አይስማሙም፤ በቤዝላይን ላይ ግን የተሻለ ስምምነት አለ፣ ቁጥር ስለሆነ።

ለአነስተኛ ሥጋት እናቶች ከሲቲጂ ይልቅ በየጊዜው ማዳመጥ የሚመከረውም በዚሁ የተነሣ ነው፤ በንቁ ምጥ ጊዜ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በመግፋት ጊዜ በየ5 ደቂቃ፣ ከመኮማተር በኋላ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ በዶፕለር ወይም በፒናርድ መስሚያ። በዚህ መንገድ ቫሪያቢሊቲን ማወቅ አይቻልም፣ የዲሴለሬሽኑንም ቅርጽ መለየት አይቻልም። ቤዝላይኑ ግን ይሰማል። አዋላጇ የምጡ ሂደት በሚመዘገብበት ፓርቶግራፍ ላይ «ጤናማ» ብላ ከመጻፍ ይልቅ የቆጠረችውን ቁጥር በነጥብ ካስቀመጠች፣ ከ125 ተነሥቶ በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ 150 የወጣው መስመር ያለ ማሽን ይታያታል፤ ያኔም ኦክሲቶሲን እየተሰጠ ከሆነ ታቆመዋለች፣ ሲቲጂ ካለ ታስጀምራለች፣ ከሌለ ደግሞ ወደሚገኝበት ተቋም ሪፈር ታደርጋለች።